ሰቆቃው በዘጠና ሰከንድ

መጽሐፍ ቅዱስን ለማሳጠር የተነሳሁት የወንድሜን ዕድሜ ለማስረዘም ነው። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ለሬዲዮ ጣቢያችን አለቃ የነገርኳቸው ሌላ ነው። ከጠዋቱ ዜና በፊት ባዶ የሚቀር ዘጠና ሰከንድ አለ፤ እስካሁን መዝሙር እየቆረጥን ስንደፍንበት ኖረናል። በዚያች ክፍተት ስድሳ ስድስቱን መጻሕፍት ከዘፍጥረት እስከ ራእይ፣ በየተራቸው፣ በቀን አንድ አንድ አሳጥረን ብናስደምጥስ? አልኳቸው።

አለቃ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው አሰቡ። "የሚያነበው ማን ነው?"

"ነጎድጓድ" አልኩ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ።

"ነጎድጓድ ሥራ ከተወ ቆየ እኮ።"

"ይመለሳል።"

"ብሎሻል?"

"ብሎኛል።"

አላለኝም። ለመንፈሳዊ ጣቢያ ጸሐፊ ውሸት እንደማይመከር አውቃለሁ። ግን ሰው ወንድሙ ሲሰጥም እያየ ገመዱ የማን ነው ብሎ አይጠይቅም።

ነጎድጓድ የምንለው ታናሽ ወንድሜን ነው። ስሙን ያወጣለት ድምፁ ነው። ከእናታችን ጡት በወረደ ማግስት እኔ ጀርባ ላይ ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ ወርዶ አያውቅም ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ለብዙ ዓመት በጣቢያችን የጠዋቱን ንባብ ያነበበው እሱ ነበር። ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ አንድ ልጁ፣ ጮሌ የምንላት፣ በትኩሳት ሞተችበት። ጉባኤው በሙሉ ጾሞ ጸልዮላት ነበር። ሚስቱ ሐዘኑን ከእሱ ጋር በአንድ ቤት መሸከም ስላቃታት እናቷ ቤት ገባች። እሱም ማንበቡን ተወ።

ሲያለቅስ አላየሁትም። የሚያስፈራኝም ይሄው ነው። አንድ ቀን እኔ ቤት ምሳ ቀርቦለት፣ ማንኪያውን እያገላበጠ "እትዬ፣ ይሄ ነገ የሚሉት ነገር ሰለቸኝ" አለኝ። በሌላ ሰው አፍ ቢሆን ተራ እሮሮ ነው። በዚያው ሳምንት ግን የእጅ ሰዓቱን ለድምፅ ባለሙያችን ሰጠው። ያቺ ሰዓት ከአባታችን የወረሳት ናት፤ የሰከንድ ቆጣሪዋን እያየ ነው ቤቱ ንባብ የሚለማመደው። ሰው እንዲህ ያለ ዕቃ የሚሰጠው መቼ ነው? ጥያቄውን ለራሴ ጠይቄ መልሱን ለመስማት ፈራሁ።

እንግዲህ ስሌቴ ይኸው ነበር፦ ስድሳ ስድስት ሥራ የሚጠብቀው ሰው በቀላሉ አይሄድም። በተራ ከሆነ ደግሞ ከአንዱ በኋላ ሁልጊዜ ሌላ አለ። ሞኝ ስሌት ነው። ሌላ ግን አልነበረኝም።

እየጎተትኩ አመጣሁት። ስቱዲዮአችን ከጸሎት ቤቱ ጀርባ ያለች ክፍል ናት፤ ግድግዳዋ ድምፅ እንዲውጥ በስፖንጅ ተለብጧል፣ መስኮቷ ከጎማ ጠጋኙ ጋር ፊት ለፊት ነው፤ እሱ መዶሻውን ባነሳ ቁጥር ቀረጻ እናቆማለን። ከስቱዲዮው ቀጥላ ባለችው ቢሮ ግድግዳ ላይ ስድሳ ስድስት ካርድ ለጠፍኩ፤ በእያንዳንዱ ላይ የአንዱ መጽሐፍ ስም። ወንድሜ በሩ አጠገብ፣ ለመሄድ እንደተዘጋጀ እንግዳ፣ ኮቱን ሳያወልቅ ተቀመጠ።

የድምፅ ባለሙያችን መቀስ ይባላል፤ የሰው ንግግር ሲቆርጥ ርኅራኄ ስለሌለው። ሒሳቡን የያዘው እሱ ነው። "ዘጠና ትላላችሁ እንጂ ዘጠና የላችሁም" አለ። "የመግቢያው ሙዚቃ ስምንት ይበላል፣ የመውጫው ሰባት። ለንባብ የሚተርፈው ሰባ አምስት ሰከንድ ነው። ነጎድጓድ ሳይጣደፍ በዚህ ውስጥ መቶ ሠላሳ ቃል ያህል ያነባል። ከዚያ ያለፈውን እኔ እቆርጠዋለሁ፤ ነቢይ አላውቅም።"

መቶ ሠላሳ ቃል። ሃምሳ ምዕራፍ ላለው ዘፍጥረትም መቶ ሠላሳ፣ አንዲት ምዕራፍ ብቻ ላለው ለአብድዩም መቶ ሠላሳ። አንዱ ጫማው ጠብቦት እያነከሰ፣ ሌላው በሰፊ ካፖርት ውስጥ ጠፍቶ። ነገሥትና ዜና መዋዕል ደግሞ አብዛኛውን አንድ ታሪክ ሁለት ጊዜ ነው የሚናገሩት፤ አድማጩ "ይሄን ባለፈው ሰምተነዋል" እንዳይል ሁለተኛውን በምን እንለየው? የዜና መዋዕል መጨረሻና የዕዝራ መጀመሪያ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ አንዱን በሱ ዘግተን በማግስቱ በሱ እንከፍታለን ወይስ እንተወዋለን? እንዲህ ባለው ነገር ስንጨቃጨቅ ወንድሜ አንዲት ቃል አልተነፈሰም።

ያኔ ተንኮል ሠራሁ። ማንም ሳያየኝ ኢዩኤልን ከሆሴዕ ፊት ለጠፍኩት። ይሄን ሰው አውቀዋለሁ፤ በልጅነቱ እንኳ የተጣመመ ምንጣፍ ሳያቀና አያልፍም። ቀኑን ሙሉ ጠበቅሁ፤ ዝም። ተስፋ ቆርጬ ቦርሳዬን ላነሳ ስል ከወንበሩ ተነሳና ሁለቱን ካርዶች ነቅሎ በየቦታቸው መለሳቸው። ተመልሶም ተቀመጠ። ኮሪደር ወጥቼ አለቀስኩ።

በማግስቱ ሩትን ከሳሙኤል ኋላ ወረወርኳት። በሦስተኛው ቀን የያዕቆብን መልእክት ከዕብራውያን በፊት አደረግሁ። ሁሉንም አቃና። በሦስተኛው ቀን "እትዬ፣ አርጅተሻል ወይስ ሆን ብለሽ ነው?" አለኝ። "አርጅቼ ነው" አልኩት። ኮቱን አወለቀ።

አለቃ ዕቅዱን ለማየት የመጡት በዚያው ሰሞን ነው። ካርዶቹን ከዳር እስከ ዳር አንብበው ደንባቸውን አወጡ፦ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር መጽሐፉ ስለ ምን እንደሆነ ይናገር፤ ቀጥሎ ማን፣ ለማን፣ በምን ዘመን፤ ከዚያ ነገሩ የሚዞርበት ቦታ፤ ከዚያ ሰው ይዞት የሚሄደው አንድ ሐሳብ። "መጨረሻው ግን ሁልጊዜ ተስፋ ይሁን" አሉ። "አድማጫችን ወደ ሥራ የሚሮጥ ሰው ነው። ተስፋ አስይዘን እናሰናብተው።"

ክፉ ሰው አይደሉም፤ ከብዙ አድማጭ ስልክ የተማሩትን ነው የተናገሩት።

"ለረቡዕ ሦስት ሙከራ አቅርቡልኝ። ዘፍጥረትን፣ ረጅም ስለሆነ። ዜና መዋዕል ቀዳማዊን፣ አሰልቺ ስለሆነ፤ ዘጠኝ ምዕራፍ ስም ቆጥሮ ሰው የማያስተኛ ጽሑፍ ከጻፍሽ አንቺ ጸሐፊ ነሽ። ሦስተኛው..." ጣታቸው በግድግዳው ላይ ተንከራተተ፤ "ሰቆቃወ ኤርምያስ ይሁን። ከባድ ሐዘን ነው። እነዚህ ከሆኑ ሌላው ሁሉ ይሆናል። ካልሆኑ ግን አንድ የፍራሽ ነጋዴ ያቺን የአየር ሰዓት ለማስታወቂያ እየለመነኝ ነው።"

ወንድሜን ሰርቄ አየሁት። ፊቱን ወደ ካርዶቹ አዙሯል፤ ጀርባው ምንም አልነገረኝም። ሌላ መጽሐፍ ይሁን ብዬ ለመለመን አፌን ከፈትኩ። ለምን ቢሉኝ ምን እላለሁ? መልሼ ዘጋሁት።

ዘፍጥረት በአንድ ጠዋት ወጣልኝ፦ መፍጠር፣ መውደቅ፣ መጠራት፤ ከአትክልት ቦታ ተነስቶ ግብፅ ውስጥ በሬሳ ሣጥን የሚያልቅ፣ ግን ቃል ኪዳኑ ያላለቀ። ዜና መዋዕልንም አሸነፍኩት፤ "ይህ መጽሐፍ በስም ዝርዝር የሚጀምረው ከተበተኑበት ለተመለሱ ሰዎች የማን ልጅ እንደሆኑ ሊነግራቸው ስለሆነ ነው" ብዬ ጀመርኩት። መቀስ እንኳ "ይሄስ አያስተኛም" አለ፤ ከሱ አፍ ሽልማት ነው።

ሰቆቃው ላይ ቆምኩ። መጽሐፉ አምስት ምዕራፍ ነው። በመጀመሪያው የፈረሰችው ከተማ እንደ መበለት ብቻዋን ተቀምጣ ታለቅሳለች። በሁለተኛው ሕፃናት በየአደባባዩ ይዝላሉ፤ እናቶቻቸውን እህል የት አለ ይላሉ፤ በእናቶቻቸው እቅፍ ነፍሳቸው ትወጣለች። እዚያ ስደርስ ብዕሬን አስቀመጥኩ። ይሄን ለሱ ሰጥቼ አንብብ ልለው ነው? ጮሌ ያረፈችው እቅፉ ላይ ነው እኮ።

ስለዚህ ሕፃናቱን አወጣኋቸው። በሦስተኛው ምዕራፍ መሐል ግን ሁላችሁም የምታውቁት ቦታ አለ፤ ምሕረቱ አላለቀም፣ በየማለዳው አዲስ ነው የሚለው። ሰባኪ ሁሉ፣ የሐዘን ካርድ ሁሉ የሚጠቅሰው። እሱን አንስቼ መጨረሻ ላይ አስቀመጥኩት። ከተማዋ ፈረሰች፣ ነቢዩ አለቀሰ፣ ግን ማለዳው አዲስ ነው። ሙዚቃ። መቶ ሃያ ስምንት ቃል። ደንቡን ከሀ እስከ ፐ ጠብቋል። በእኛ ሙያ ይሄ ስህተት ነው ያለ ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም፤ ሁላችንም የምናደርገው ነው።

የቀረጻው ቀን ጎማ ጠጋኙን ምሳ ጋብዘን ዝም አሰኘነው። ወንድሜ የያዘውን ፌስታል እግሩ ሥር አኑሮ ማይኩ ፊት ተቀመጠ፤ ማዳመጫውን አደረገ፤ ሊጀምር ሲል በልማዱ ግራ እጁን ከፍ አድርጎ አየ። ሰዓት የለም። እጁን መለሰ። መቀስ ከመስታወቱ ወዲህ ሆኖ የራሱን እጅጌ ወደ ታች ጎተተ፤ ያቺ ሰዓት እሱ እጅ ላይ ነበረችና አፈረ።

ዘፍጥረትን አነበበ። ምን ልበላችሁ፣ ያ ድምፅ ተመለሰ። ትንሽ ዝገት ነበረው፤ ግን ተመለሰ። መቀስ አውራ ጣቱን አሳየኝ። ዜና መዋዕልን አነበበ። በልቤ ስድሳ አራት ቀርቷል አልኩ፤ ድኗል፣ ወንድሜ ድኗል አልኩ።

ሦስተኛውን ገጽ አነሳና በዓይኑ ወረደበት። መልሶ ከላይ ጀመረ። ማዳመጫውን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ ቀስ ብሎ አኖረው።

"እትዬ፣ ይሄ መጨረሻ ከየት መጣ?"

"ከዚያው ከመጽሐፉ ነዋ። ሦስተኛው ምዕራፍ።"

"መጽሐፉ ስንት ምዕራፍ ነው?"

"አምስት።"

"ከተስፋው በኋላ ያሉትን የት አደረስሻቸው?"

"ወንድሜ፣ ሰባ አምስት ሰከንድ እኮ ነው..."

"ሕፃናቱስ?"

ገጹን ወደኔ አዞረው።

"ይሄም እንደ ካርዶቹ ሆን ብለሽ ነው? እንዳቃናው ነው?"

አዎ ብለው ምን ነበረበት! ለአለቃ የዋሸ አፌ ለሱ መዋሸት አቃተው። "አይደለም" አልኩት። "እንዳይከፋህ ብዬ ነው።"

"ልቅሶዬ ላይ" አለ፤ ድምፁ አልጨመረም አልቀነሰም፤ "የመጣው ሁሉ ይቺን ጥቅስ ይዞ መጣ። በሩን ገና ሳያልፍ ማለዳው አዲስ ነው ይለኛል። ልጄን ገና ከቤት አላወጣኋትም። እኔም ስንት ሰው ልቅሶ ላይ ይቺኑ እንዳነበብኩ ታውቂያለሽ? በድምፄ እያሳመርኩ! ሰው ፊት ላይ በር እንደመዝጋት ነው፤ አሁን አልቅሰሃል፣ በቃ፣ ሙዚቃ።" ተነሳ። ፌስታሉን አንስቶ፣ ኮቱን ወንበሩ ላይ ትቶ ወጣ።

ንዴቱ እንዲበርድለት ብዬ ጥቂት ቆየሁ። ለራሴ የማልምረው ስህተት ይሄ ነው። ስወጣ መንገዱ ላይ የለም። ስልኩ ዝግ ነው።

ቤቱ ሮጥኩ። ሴትዮ በዚህ ዕድሜ ስትሮጥ ሰው መንገድ ይለቃል። በሩ ተቆልፏል። ጎረቤቱ ብቅ ብላ "ቁልፉን ጠዋት ለኔ ሰጥቶኝ ነው የወጣው፤ እህቴ ብትመጣ ስጫት ብሎ" አለችኝ። ጠዋት! ገና ስቱዲዮ ሳይመጣ። በሩን የከፈትኩት የቁልፉን ቀዳዳ ሦስቴ ስቼ ነው። ቤቱ ተጠርጓል። አልጋው ተነጥፏል። ዕቃው ታጥቦ ተደፍቷል። እኔ የማውቀው ቤት ሸሚዝ ወንበር ላይ፣ ብርጭቆ መስኮት ላይ ነበር። ከበሩ ጥግ የጮሌ የዝናብ ቦቲዎች፣ ከሞተች ጀምሮ ማንም ያላነሳቸው ቀዮቹ፣ የሉም።

ሚስቱ ጋ ደወልኩ። አላየችውም፤ ድምፄን ሰምታ ማልቀስ ጀመረች። መቀስን በአንድ አቅጣጫ ላክሁት፣ እኔ በሌላው። አውቶቡስ ማቆሚያ፣ የድሮ ትምህርት ቤቱ ግቢ፣ ጓደኛው መጻሕፍት የሚሸጥበት ኮንቴይነር። ባየሁት ረጅም ሰው ሁሉ ትከሻ ላይ እጄን እያሳረፍኩ ይቅርታ ስጠይቅ ዋልኩ። አምላኬን ተጣላሁት፤ መንገድ ላይ፣ ጮክ ብዬ። አንዷን ወሰድክ፣ ይሄን ከነካህ አልጽፍልህም፣ አንዲት መስመር አልጽፍልህም አልኩት። የሚያልፉት ሰዎች እብድ መሰልኳቸው። ነበርኩም።

የምሄድበት ሲያልቅ ስቱዲዮው ተመለስኩ። ኮቱ ወንበሩ ላይ አለ። ያንን ገጼን ከጠረጴዛው አንስቼ አየሁት። እንዴት ያለ ያማረ ጽሑፍ ነው! እንዴት ያለ ንጹሕ! ቀደድኩት። መጽሐፉን ገልጬ አራተኛውን ምዕራፍ አነበብኩ፤ ረሃቡ ይመለሳል። አምስተኛውን አነበብኩ፤ ጸሎት ነው፣ መልሰን ይላል፣ ከዚያም በጥያቄ ያልቃል፦ ወይስ ጨርሰህ ጥለኸናል? መልስ የለውም። ከዚያ ወዲያ ሌላ መጽሐፍ ነው የሚጀምረው። ስንት ዓመት ስጽፍ ኖሬ ይህን መጨረሻ አንድም ቀን ለአድማጭ አላደረስኩትም። ጭንቅላቴን ጠረጴዛው ላይ ደፍቼ ተቀመጥኩ።

በሩ ሲከፈት መቀስ መስሎኝ ቀና አላልኩም።

"ጻፊ" አለ ወንድሜ።

ፀሐይ መትታዋለች፤ ጫማው አቧራ ለብሷል፤ እጁ ላይ ያንኑ ፌስታል ይዟል፤ ከፌስታሉ የቦቲ ጫፍ ይታያል፤ ቀይ። ዘልዬ አንገቱ ላይ ተጠመጠምኩ፤ ወዲያው ደግሞ ደረቱን በቡጢ መታሁት።

"የት ነበርክ? የት?"

"መቃብሯ ጋ። እዚያ ልተዋቸው ብዬ ነበር። እጄ አልለቅ አለ።"

"ቁልፉንስ? ቁልፉን ለምን ሰጠህ?"

ወለሉን አየ።

"በሩን እንዳትሰብሩት ብዬ" አለ።

ይህን ስሰማ የሆንኩትን አልናገርም፤ ቃል ማሳጠር ሙያዬ ነው፣ ይሄን ግን አልችልበትም። ወንበሩን ይዤ ቆምኩ።

"ታዲያ ምን መለሰህ?" አልኩት በመጨረሻ።

"አንቺ። ተናድጄብሽ። እዚያ ተቀምጬ ላስበው የሄድኩት ሌላ ነበር፤ ግን አራተኛውና አምስተኛው ምዕራፍ ከጭንቅላቴ አልወጣ አሉ። እንዴት ትተዋቸዋለች? ነገ ይሄን ሌላ ሰው አንብቦት፣ ልጁ የሞተችበት ሰው በሬዲዮ ሰምቶት፣ መጽሐፉም እንደ ጎረቤቱ ዝም በል ያለው ይመስለዋል። ሳላቃናው ልሄድ አልቻልኩም።" ኮቱን ከወንበሩ አንስቶ ተቀመጠ። "ጻፊ እንጂ። ስንት ሰከንድ ነው ያለን?"

"ሰባ አምስት።"

"ምዕራፉ አምስት ነው። ለእያንዳንዱ አሥራ አምስት ይደርሰዋል። ተስፋውም አሥራ አምስቱን ይውሰድ፤ ግን በቦታው፤ መሐል ላይ።"

መቀስ እያለከለከ ሲገባ እንዲህ ሆነን አገኘን። ምንም አልጠየቀም፤ መሣሪያውን ከፍቶ ተቀመጠ። ለምዕራፍ ሃያ አምስት፣ ሃያ ስድስት ቃል ደረሰ። እኔ እጽፋለሁ፣ ወንድሜ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይለካዋል፣ መቀስ ሰከንዱን ይጠራል። ሁለተኛው ላይ ስንደርስ ብዕሬ ቆመ።

"ሕፃናቱን አስገቢ።"

"አልችልም።"

"የማነበው እኔ ነኝ፤ አንቺ ጻፊ ብቻ።"

ጻፍኩ።

አነበበ። የመበለቷን አነበበ። የሕፃናቱን ሲያነብ ድምፁ አልተሰበረም፤ ዝቅ ብቻ አለ፣ እናት የተኛ ልጅ አጠገብ ስታልፍ እርምጃዋን እንደምታለሳልሰው። ከዚያ መሐሉ መጣ፤ ምሕረቱ አላለቀም፣ በየማለዳው አዲስ ነው። እንደ ድሮው አላሳመረውም። ገና ሁለት ምዕራፍ መከራ የሚጠብቀው ሰው እንደሚናገረው ነው የተናገረው። ያኔ ነው አባባሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ጆሮዬ የገባው። ረሃቡ ተመለሰ። ጸሎቱ መጣ። በመጨረሻም ጥያቄውን ጠየቀ።

የመቀስ እጅ ወደ መውጫው ሙዚቃ ሄደ። ወንድሜ ከመስታወቱ ወዲያ መዳፉን አነሳ፤ አታስገባ። ሰባት ሰከንድ ዝምታ። በሬዲዮ ዝምታ ኃጢአት ነው፤ አድማጭ ጣቢያው ተቋረጠ ብሎ ይሄዳል። መቀስ ላብ አጠመቀው፤ ግን እጁን መለሰ። ዘጠናው ሞልቶ ቀይዋ መብራት ስትጠፋ ወንድሜ ግንባሩን ማይኩ ላይ አሳርፎ አለቀሰ። ከዚያ ሁሉ ጊዜ በኋላ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ እንደ ልጅ እየተንሰቀሰቀ። ሮጬ ልገባ ስል መቀስ ክንዴን ያዘኝ። "ተይው እስቲ" አለኝ። "አትቁረጪው።"

አለቃ ረቡዕ ሦስቱንም በጥሞና ሰሙ። ሦስተኛው ሲያልቅ የሚቀጥል መስሏቸው ጠበቁ።

"መጨረሻው የታለ?"

"መጨረሻው እሱ ነው" አልኩ።

"ሰውን እንዲህ አድርገን ነው ወደ ሥራ የምንልከው? ስልኩ ያርፍልኛል? ደንቡን ነግሬሽ ነበር እኮ፤ ተስፋ አልኩ።"

የፍራሹ ነጋዴ ታየኝ። ስድሳ ስድስቱም ካርድ ከግድግዳው ሲነቀል ታየኝ። ልለምናቸው ተነሳሁ፤ ወንድሜ ግን ቀደመኝ።

"አለቃ፣ የምንሄደው በተራ አይደል?"

"አዎ፣ በተራ።"

"ታዲያ ሁሉን በአንድ ቀን መጨረስ ምን አስፈለገን? ይሄ ለዚያ ቀን ይበቃዋል።" በጣቱ ቀጣዩን ካርድ ነካ። "ነገ ደግሞ አለ።"

ምን እንዳለ የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ ማንኪያውን እያገላበጠ ነገ ሰለቸኝ ሲል የሰማሁት እኔ ብቻ ስለሆንኩ።

አለቃ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፤ ሲጠርጉ ዓይናቸውንም ጠረጉ። "ነገ ማን ነው?" አሉ።

"ሕዝቅኤል።"

"እንግዲያው በሰቆቃው መጨረሻ፣ ነገ ሕዝቅኤል ነው በሉ። ሌላ ቃል አትጨምሩ። የፍራሹን ሰውዬ ሌላ ሰዓት እፈልግለታለሁ።"

ሲወጡ ወንድሜ ዕቅዱ የተለጠፈበት ግድግዳ ፊት ቆሞ ቆየ። ከዚያ ወደ መቀስ ዞሮ እጁን ዘረጋ።

"ያቺን ሰዓት መልስልኝ" አለው። "ያለሷ መለማመድ አልቻልኩም።"

መቀስ ፈትቶ ሊሰጠው ሲጣደፍ የሰዓቷ ማሰሪያ ሁለቴ አመለጠው። ወንድሜ እጁ ላይ አሰራት፤ ወደ ጆሮው አስጠግቶ ሰማት፤ ከዚያም ወደኔ ሳያይ ተናገረኝ።

"ሕዝቅኤል አርባ ስምንት ምዕራፍ ነው፣ እትዬ። ማልደሽ ነይ።"